«ዋጋው በስምምነት» ብላችሁ አትጻፉ

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም የማይርቅ ካፌ ውስጥ አንዲት ወጣት ተርጓሚ አገኘችኝ። ማኪያቶዋን ሳትነካ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ጋሼ፣ እስኪ ከመላኬ በፊት ይዩልኝ» አለችኝ። አንድ ድርጅት የሥልጠና መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ ፍሪላንስ ተርጓሚ ይፈልጋል። ሰነዱን ልከውላት ዋጋና ጊዜ ጠይቀዋታል።

ሁለት ረቂቅ ጽፋለች። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ዕድሉን ቢሰጡኝ ሌት ተቀን ሠርቼ አስደስትዎታለሁ። በማንኛውም ሰዓት ዝግጁ ነኝ። ዋጋው በስምምነት ይሆናል።» ይህን ያየ ጓደኛዋ «ራስሽን አታዋርጂ» ብሎ ሁለተኛውን አብሯት ጻፈ፦ «በጥራት የሚወዳደረኝ የለም። ከዚህ ዋጋ በታች አልደራደርም።» የቱን ልላክ ነበር ጥያቄዋ።

ሁለቱንም እንዳትልክ ነገርኳት። ለእናንተም ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ስቆይ እንዲህ ዓይነት ኢሜይል ጽፌያለሁ፣ ኋላም ከሌሎች ተቀብዬ መርጫለሁ።

የመጀመሪያው ረቂቅ ልመና ይመስላል፣ ሁለተኛው ትዕቢት። ግን በሁለቱም ውስጥ የጎደለው አንድ ነገር ነው። ስለ ሰነዱ የሚናገር አንድም ዓረፍተ ነገር የለም። ሁሉም ስለ ልጅቷ ነው። ኢሜይሉን የሚከፍተው ሰው ደግሞ ፊት ለፊቱ ሥራ አለ። የሦስት ሰው ዋጋ አነጻጽሮ ለፋይናንስ ማቅረብ አለበት። «በስምምነት» የሚል ወረቀት ከምን ጋር ያነጻጽረዋል? ትሕትና የተባለው ነገር እሱ ጋ ሲደርስ ተጨማሪ ስልክ መደወል ይሆንበታል። ስለዚህ ዋጋ የጻፉትን ሁለት ሰዎች ይዞ ይገባል።

«መጀመሪያ ቃላቱን ቆጥረሻል?» አልኳት። አልቆጠረችም። ኮምፒውተሯን ከፍተን ቆጠርን። ዋናው ክፍል 14,000 ቃል፣ አባሪው 4,000 ቃል፣ በጠቅላላው 18,000 ሆነ። ካፌው ውስጥ መጀመሪያ ደስ ያለኝ እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህ ቁጥር የሚወጣ ነው።

በትርጉም ሥራ የሚቆጠረው የመነሻው ቋንቋ ቃል መሆኑን በግልጽ ጻፉ። አማርኛ ብዙ ነገር በአንድ ቃል ይጠቀልላል። እንግሊዝኛው ሰባት ቃል የሚፈጅበትን «ወደ ቤቱ አልሄድም» አማርኛው በሦስት ይጨርሰዋል። «በቃል 3 ብር» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ፣ ከፋዩ ያስረከባችሁትን አማርኛ ቆጥሮ ሊከፍል ይችላል። በክፋት ላይሆን ይችላል። ግን የጠበቃችሁት ገንዘብ በጣም ይቀንሳል።

የምትጠይቀው በእንግሊዝኛ ቃል 3 ብር ነው። ይህ የእሷ ሒሳብ ነው፤ የእናንተ ሊለይ ይችላል። 18,000 ቃል በ3 ብር 54,000 ብር ይሆናል። ቁጥሩን ስታይ ደነገጠች። «በዛ መሰለኝ» አለች። ስለዚህ ቀኑን አሰላን። በደህና ቀን 1,800 ቃል ትተረጉማለች። ያ 10 ቀን ነው። ጽሑፉን ሁለተኛ ማንበብና ማረም 3 ቀን። 54,000ን ለ13 ስናካፍለው በቀን ከ4,150 ብር ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ ላይ ታክስ አለ፣ ኢንተርኔት አለ። ደግሞ ሥራ ፍለጋ የሚያልፉትን ቀናት የሚከፍላት የለም። ይህን ሁሉ ስታይ ድንጋጤዋ ለቀቃት። እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ዋጋውን ከየት እንዳመጣችሁት ስታውቁ «ብዙ ከሆነ ይቅርታ» የሚለው ሐረግ እጃችሁ ላይ አይመጣም። «አልደራደርም» ብሎ መፎከርም አያስፈልጋችሁም።

አንዳንዶች መርካቶ እንደሚደረገው «ይቀንሱብኛል» ብለው ከላይ ይጨምራሉ። በጽሑፍ ዋጋ ላይ ይህ አይሠራም። ደንበኛው 70,000 አይቶ ወደ ሌላው ያልፋል፤ ለመቀነስ ዝግጁ እንደነበራችሁ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

«በማንኛውም ሰዓት ዝግጁ ነኝ» የሚለውንም አወጣነው። አንባቢው ከዚህ የሚረዳው ሌላ የሚፈልጋት ሰው እንደሌለ ነው። እውነቱ ደግሞ እስከ ጥቅምት 28 የጀመረችው ሥራ አላት። እሱን ጻፍነው። ቀኑን ደግሞ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ግማሹ ቢሮ በፈረንጆች ካላንደር ነው የሚሠራው። በወር ስም ፈንታ ቁጥር ብቻ ጽፎ የወር ልዩነት የተፈጠረበት ሰው አውቃለሁ። ሰዓትም እንዲሁ ነው። 3 ሰዓት ስትሉ ከጠዋቱ መሆኑን ጨምሩበት።

አሁን ስለ ሥራው ወሰን። እዚህ ላይ ቆየት ማለት እፈልጋለሁ፤ እኔ የተጎዳሁት በዚህ ነውና። በወጣትነቴ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት በደቂቃ እየከፈልኩ ለአንድ ድርጅት ኢሜይል ላክሁ። «ሰነዱን ሙሉ በሙሉ አዘጋጅቼ አስረክባለሁ» አልኩ። «ሙሉ በሙሉ» ምን ማለት እንደሆነ አልጻፍሁም። ትርጉሙን ካስረከብኩ በኋላ በሠንጠረዦቹና በሥዕሎቹ ውስጥ ያለው ጽሑፍ መጣ። ከዚያ የገጽ ቅንብሩ። ከዚያ አዲስ የተጨመረ ምዕራፍ። በየጊዜው «ሙሉ በሙሉ ብለህ የለ?» ተባልኩ። ሦስት ሳምንት ያለ ክፍያ ሠራሁ። ሰዎቹን አልወቅስም፤ የጻፍኩትን ነው ያነበቡት። ከዚያ ወዲህ የሚጨምረውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የማይጨምረውን በሌላ ዓረፍተ ነገር ሳልጽፍ ዋጋ ልኬ አላውቅም።

የማይጨምረውን መጻፍ ትዕቢት የሚመስላቸው አሉ። አይመስልም፣ «ካስፈለገ ለብቻው ዋጋ አቀርባለሁ» የሚል ከተከተለው። ያኔ በር የዘጋ ሰው አትመስሉም።

ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጠን የጻፍነው ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የላኩልኝን የሥልጠና መመሪያ ከነአባሪው ተመልክቻለሁ። እንግሊዝኛው 18,000 ቃል ነው፤ ዋናው ክፍል 14,000፣ አባሪው 4,000። ባለፈው ዓመት ተመሳሳይ መመሪያ ተርጉሜያለሁ። በባለቤቶቹ ፈቃድ 2 ገጽ ናሙና አያይዣለሁ።

ዋጋዬ በእንግሊዝኛው ቃል 3 ብር፣ በጠቅላላው 54,000 ብር ነው። ይህ ታክስ ከመቀነሱ በፊት ያለው ዋጋ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለኝ፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ አይደለሁም።

ዋጋው ትርጉሙን፣ የራሴን እርማትና በእርስዎ አስተያየት መሠረት አንድ ዙር ማስተካከያን ያካትታል። በሥዕሎች ውስጥ ያለን ጽሑፍ፣ የገጽ ቅንብርንና በኋላ የሚጨመር ጽሑፍን አያካትትም። ካስፈለገ ለብቻው ዋጋ አቀርባለሁ።

እስከ ጥቅምት 28 ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። ሰኞ ኅዳር 1፣ በፈረንጆች ኖቬምበር 10 ጀምሬ፣ ሐሙስ ኅዳር 18፣ በፈረንጆች ኖቬምበር 27 አስረክባለሁ። ሥራው ሲጀመር 40 በመቶ፣ ማለትም 21,600 ብር፣ ቀሪው ካስረከብኩ በ15 ቀን ውስጥ ቢከፈል እመርጣለሁ። ይህ ዋጋ እስከ ጥቅምት 25 የጸና ነው።»

ከላይ ሰላምታ፣ ከታች ስምና ስልክ። በቃ። «ልባዊ ምስጋናዬን በታላቅ አክብሮት» የሚለውን እሷ ራሷ አወጣችው።

ሁለት ቦታ ላይ ላስቆማችሁ። ኅዳር 1 ተነስታችሁ 13 የሥራ ቀን ስትቆጥሩ ኅዳር 17 ላይ ያልቃል። እኛ 18 ነው ያልነው። መብራት ወይም ኔትወርክ አንድ ቀን ቢጠፋ ቃሏ አይታጠፍም። የመለያ ቁጥሩን የጠቀስነው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ፣ ቁጥር 979፣ መለያ ቁጥር ከማያቀርብ ሻጭ ክፍያ ላይ ከፋዩ ከፍ ያለ ግብር ቀንሶ እንዲያስቀር ያዛል። ስለዚህ የቢሮው ሰው ቁጥሩ እንዳላችሁ ሲያይ እፎይ ይላል። ገና ያላወጣችሁ ካላችሁ ከኢሜይሉ በፊት እሱን ጨርሱ።

ኢሜይሉ ሄደ። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። «ናሙናውን ወደነዋል፤ ግን ያለን በጀት 42,000 ብር ነው።» ወዲያው ደወለችልኝ። «እሺ ልበል ጋሼ?»

ብዙዎቻችሁ የምትወድቁት እዚህ ጋ ነው። 42,000ውን ለዚያው ሥራ ከተቀበለች፣ ፊት የጻፈችው 54,000 የሌለ ዋጋ ነበር ማለት ነው። ደንበኛው በሚቀጥለው ጊዜም ከታች ይጀምራል። «አይሆንም» ብላ ብትዘጋው ደግሞ ሥራው ይሄዳል። መውጫው ቀድሞ የቆጠርነው ቁጥር ውስጥ ነበር። 42,000 ለ3 ሲካፈል 14,000 ነው። ልክ ዋናው ክፍል። ሁልጊዜ እንዲህ እኩል አይገጥምም፤ ግን ሰነዱን በክፍል በክፍል ከቆጠራችሁት የሚቀርብ ነገር አታጡም። እንዲህ ብላ መለሰች፦

«ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ። በ42,000 ብር ዋናውን ክፍል፣ 14,000 ቃል፣ መሥራት እችላለሁ። የማስረከቢያው ቀንም ወደ ኅዳር 15፣ ኖቬምበር 24 ይቀርባል። አባሪው በጀት ሲገኝ በዚያው ዋጋ ሊቀጥል ይችላል። የትኛው ይሻላችኋል?»

ዋጋዋ አልተነካም፤ የተቀነሰው ሥራው ነው። ከሳሽም ተለማማጭም የሆነ ቃል አልገባበትም።

አንዳንዴ ግን እስከዚህም አይደረስም። ልካችሁ ዝም ትባላላችሁ። አምስት የሥራ ቀን ጠብቁና እዚያው ኢሜይል ላይ አንዴ መልሱ፦ «የላክሁት ዋጋ እስከ ጥቅምት 25 የጸና መሆኑን ለማስታወስ ነው። ከዚያ በኋላ የኅዳር ቀናቴን ለሌላ ሥራ እይዛቸዋለሁ።» ሁለተኛ አትጻፉ። ቀኑ ሲደርስ በእርግጥ ለሌላ ሥራ ያዙት።