ግራፍ ይዛችሁ ወላጆች ፊት ለምትቆሙ

ይድረስ ለወጣት መምህራን፣

በሰኔ የወላጆች ስብሰባ ላይ የክፍሉ ውጤት በዓመቱ እንዴት እንደተለወጠ የምታስረዱበት ጊዜ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ሁለት ግራፍ ይበቃችኋል። መጀመሪያ ግን ሮስተሩን በጥሞና እዩት፤ ብዙው ስህተት የሚመጣው ከሥዕሉ ሳይሆን ከዚያ ነው።

ኮዬ ፈጬን በመሰሉ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች ተከራይ ይበዛል። ኪራይ ሲወደድ ቤተሰብ ይነሳል፣ ልጁም በዓመቱ አጋማሽ መሸኛ ይዞ ይሄዳል። 40 ተማሪ የነበረበት ክፍል በሒሳብ በአንደኛው ሴሚስተር አማካይ 52፣ በሁለተኛው 58 አመጣ እንበል። «በ6 ነጥብ አደግን» ከማለታችሁ በፊት ማን እንደሄደ ቁጠሩ። እያንዳንዳቸው 30 ያመጡ አራት ልጆች ለቀው ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ድምር ከ2080 ላይ የእነሱን 120 ቀንሱ። የቀረው 1960 ለ36 ልጆች ሲካፈል 54.4 ነው። እውነተኛው መሻሻል 3.6 ብቻ ሆነ ማለት ነው፤ የተረፈው 2.4 የመጣው ደካሞቹ ስለሄዱ እንጂ የቀሩት ስለተማሩ አይደለም። በመሀል የገቡ አዲስ ተማሪዎችንም እንዲሁ ከስሌቱ አውጡ።

የመጀመሪያው ግራፍ የቀሩትን ልጆች ሁለት አማካዮች፣ 54.4ንና 58ን፣ በዓምድ ያሳያል። ቋሚው መስመር ከ0 ይነሳ። ከ50 ከተነሳ አንዱ ዓምድ 4.4፣ ሌላው 8 ቁመት ይኖረዋል፤ ከኋላ የተቀመጠ አባት ውጤቱ እጥፍ ሊሆን የተቃረበ ይመስለዋል። ኤክሴል ቁጥሮች ሲቀራረቡ ራሱ እንዲህ ሊያደርግ ስለሚችል `Format Axis` ገብታችሁ `Minimum` ላይ 0 ጻፉ።

ለእኔ ዋናው ሁለተኛው ነው። አማካይ ለብዙ ወላጅ ባዶ ቁጥር ነው፤ ልጅ ግን ሁሉም ይቆጥራል። በትልቅ ወረቀት ላይ ለቀሩት 36 ልጆች ብቻ፣ ለአንድ ልጅ አንድ ሳጥን፣ አንዴ ለጥር አንዴ ለሰኔ ሳሉ፤ ከ50 በታች ያሉትን በአንድ ቀለም፣ የቀሩትን በሌላ ቀቡ። ስም አይጻፍ። ከዚያ እንዲህ በሉ፦ «እናቶችና አባቶች፣ አንዱ ሳጥን አንድ ልጅ ነው። በጥር ከ50 በታች የነበሩት 13 ነበሩ፤ ዛሬ 9 ናቸው።» ይህን ብላችሁ ትንሽ ዝም በሉ፣ ይቁጠሩት።

አንድ ወላጅ «ፈተናው ቀሎ ቢሆንስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የጥርንና የሰኔን የፈተና ወረቀት ጎን ለጎን ይዛችሁ ግቡ። በሁለቱም ተመሳሳይ ዓይነት ጥያቄ ካለ፣ ለምሳሌ የክፍልፋይ ድምር፣ በእሱ ላይ ስንቱ ልጅ እንደመለሰ ንገሯቸው። ከሌለ ሁለቱ ፈተናዎች እኩል ስለመክበዳቸው ማረጋገጫ እንደሌላችሁ በግልጽ ተናገሩ።

ከ13 ወደ 9 መውረዱም አራት ልጆች ብቻ ተንቀሳቀሱ ማለት አይደለም። ስድስቱ ከ50 በላይ ወጥተው ሁለቱ ከላይ ወርደው ሊሆን ይችላል። እነዚያን ሁለቱን ከስብሰባው በፊት ከሮስተሩ ፈልጓቸው፤ ወላጆቻቸውንም ሰዉ ሲበተን ለብቻ አነጋግሩ።