በቪዲዮው ውስጥ የሌለውን ከርዕሱ ማውጣት

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ። በዩቲዩብ ላይ የስልክ ጥገና የማስተምርበት ቻናል አለኝ፤ ከማስታወቂያም ገቢ አገኛለሁ። ባለፈው ሳምንት ‹በውሃ የሞተ ስልክ በ1 ደቂቃ ያለ ምንም መሣሪያ› ብዬ የጫንኩት ቪዲዮ ተነሥቶብኝ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ምክንያቱ ስፓምና አሳሳች ድርጊት ይላል። ቪዲዮውን እኔው ራሴ ነኝ የሠራሁት፣ ከማንም አልሰረቅኩም። ከመቶ በላይ ቪዲዮ አለኝ፤ ሁሉንም ልሰርዛቸው? ገቢዬስ ይቆማል? ቪዲዮውን፣ ተምኔሉንና መግለጫውን ልኬልዎታለሁ።»

መልስ፦ ምንም አትሰርዝ። ቪዲዮ ስለሰረዝክ የተሰጠህ ማስጠንቀቂያ አይነሣልህም፤ የምታጣው ለዓመታት የሰበሰብከውን እይታና የእይታ ሰዓት ብቻ ነው። ርዕስ፣ መግለጫና ተምኔል ግን ቪዲዮው እንዳለ ሆኖ ይቀየራሉ፤ ሊንኩም የእይታው ቁጥርም አይነካም። ሥራህ እዚያ ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያውም ገና ቅጣት አይደለም። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ስለዚያው ደንብ አጭር ትምህርት እንድትወስድ አማራጭ ይሰጥሃል። ከወሰድክና በ90 ቀን ውስጥ ያንኑ ደንብ ካልጣስክ ማስጠንቀቂያው ይነሣል። ከጣስክ ግን ስትራይክ ነው፦ በመጀመሪያው ለ1 ሳምንት መጫን አትችልም፣ በ90 ቀን ውስጥ ሁለተኛ ከመጣ ለ2 ሳምንት፣ ሦስተኛ ከተደገመ ቻናሉ ይዘጋል። ስለዚህ ትምህርቱን ዛሬውኑ ውሰድ። ይግባኝ ማለት የሚያዋጣው ስህተቱ የእነሱ ከሆነ ነው፤ የላክኸውን ካየሁ በኋላ ግን ስህተቱ የእነሱ ነው ለማለት ይቸግረኛል።

«እኔው ራሴ ነኝ የሠራሁት» ያልከው እውነት ነው፤ ቪዲዮውም ደህና ነው፣ እንዲያውም ጥሩ አስተማሪ ነህ። ግን የተከሰስከው በሌላ ነው። ስለ ኮፒራይት ማንም አልጠየቀህም። ደንቡ የሚለው በርዕስ፣ በተምኔል ወይም በመግለጫ ተመልካቹ የሌለ ነገር እንዳለ እንዲያምን ማድረግ ክልክል መሆኑን ነው። ያንተን ቪዲዮ በዚህ ዓይን እንየው።

ርዕሱ «በ1 ደቂቃ» እና «ያለ ምንም መሣሪያ» ይላል። ቪዲዮው 14 ደቂቃ ነው። ከ2ኛው ደቂቃ ጀምሮ ካቻቪቴ ይዘሃል፣ ወደ መሐሉ ላይ ቦርዱን በአልኮልና በብሩሽ ታጥባለህ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስልኩ እስኪደርቅ ማደር አለበት ትላለህ። በተምኔሉ ላይ ስልክ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ሆኖ ስክሪኑ ይበራል፤ የስልኩ ዓይነት ደግሞ በቪዲዮው ውስጥ ከፈታኸው ጋር አይገናኝም። ከሁሉ የከፋው መግለጫው ነው። ሁለት መስመር ስለ ጥገናው ካልክ በኋላ የዘፋኞች ስም፣ የእግር ኳስ ክለቦች፣ «ቀጥታ ስርጭት»፣ «ሰበር ዜና» እያለ ይቀጥላል። ኳስ ሊያይ የፈለገ ሰው አንተ ቻርጅ ሶኬት ስታጸዳ ቢያገኝህ ምን ይላል? ተታለልኩ ይላል። በመግለጫ ውስጥ የታግ ክምር ማፍሰስ ደግሞ በዚያው ደንብ በስም ተጠቅሶ የተከለከለ ነው። ያ ክምር ባይኖር ርዕሱ ብቻውን ያስጠይቅህ ነበር ወይ ብትለኝ እጠራጠራለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ለመከራከር ቦታ የለህም።

ማጋነንና ማታለልን ለይተህ እወቅ። «የሚገርም» ወይም «ብዙዎች የማያውቁት» ብትል አስተያየት ነው፤ የሰለቸ ቃል ነው እንጂ ወንጀል አይደለም። «በ1 ደቂቃ» ግን ሰዓት ተይዞ የሚረጋገጥ ነገር ነው። ቁጥር፣ የምርት ስም፣ የሰው ስም፣ «ነጻ»፣ «ዛሬ»፣ «ቀጥታ» የሚሉ ቃላት ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። እኔ ደንበኞቼን የማሠራው እንዲህ ነው፦ ርዕሱንና ተምኔሉን ብቻ ለማያውቀው ሰው አሳይና «ምን አያለሁ ብለህ ትጠብቃለህ?» በለው። ያለውን ወረቀት ላይ ጻፍ። ከዚያ ቪዲዮውን ክፈትና ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ያ ነገር የታየበትን ደቂቃ አስፍር። ደቂቃ የማይገኝለት መስመር ካለ እሱ ነው የሚያስከስስህ። ደቂቃው 11ኛው ላይ ከሆነ ደንብ አልጣስክም፤ ተመልካቹ ግን እዚያ ሳይደርስ ሊሄድ ስለሚችል አሠራሩን አስብበት።

ያንተን ርዕስ በዚህ ወንፊት ብናሳልፈው የሚተርፈው «ውሃ የገባበትን ስልክ ፈትቶ ማጽዳት፦ ቦርዱና ቻርጅ ሶኬቱ» የሚል ነው። ደረቅ መስሎ ከታየህ ቪዲዮው ውስጥ በእውነት ካለው ሳቢ ነገር ጨምርበት። 4ኛው ደቂቃ ላይ ሩዝ ውስጥ ማስቀመጥ ለምን እንደማይጠቅም ዝገቱን በቅርብ እያሳየህ ታስረዳለህ። «ሩዝ ውስጥ የከረመ ስልክ ሲከፈት» ብትል ሰው ይጫነዋል፣ የጠበቀውንም ያያል። ርዕስ እስከ 100 ፊደል ይይዛል፤ ግን በስልክ ላይ መጨረሻው ስለሚቆረጥ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ላይ አድርገው። ተምኔሉም ራሱ የዛገው ቦርድ ይሁን፤ ከቪዲዮው የተወሰደ ምስል እስከሆነ ድረስ ማንም አይከራከርህም።

መግለጫው ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት መስመሮች ቪዲዮውን ይግለጹ፣ ከዚያ የደቂቃ ዝርዝር፣ ከዚያ የተጠቀምክባቸው መሣሪያዎች። ሃሽታግ ሦስት አራት ይበቃሃል፤ ከ60 በላይ ካደረግክ ዩቲዩብ አንዱንም አይቆጥርልህም። ታግ የሚባለው ሳጥን ደግሞ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ዩቲዩብ ራሱ ታግ በዋናነት የሚጠቅመው ሰዎች ስሙን አሳስተው ለሚጽፉት ነገር ነው፣ ከዚያ ውጭ ቪዲዮ እንዲገኝ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው ይላል። ስለዚህ የዘፋኞቹ ስም ለአደጋ አጋለጠህ እንጂ እይታ አላመጣልህም።

አሁን ወደ መቶዎቹ ቪዲዮዎች። ያንን ክምር በየጊዜው በእጅህ እንዳልጻፍከው እገምታለሁ። ዩቲዩብ ስቱዲዮን በኮምፒውተር ክፈትና `Settings` ከዚያ `Upload defaults` ግባ። አንድ ጊዜ እዚያ የለጠፍከው መግለጫና ታግ አዲስ በጫንክ ቁጥር ራሱ ይሞላል። ብዙ ሰው አሮጌዎቹን ቪዲዮዎች ሲያጸዳ ውሎ ይህንን ይረሳዋል፤ በማግስቱ የሚጭነው ቪዲዮ ያንኑ ቆሻሻ ይዞ ይወጣል፣ እሱም በ90 ቀኑ ውስጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እዚህ ያለውን አጥፋ። የተለጠፈው ከዚህ ካልሆነ ደግሞ ስልክህ ላይ ኖት ውስጥ አስቀምጠህ የምትገለብጠው ይሆናል፤ እሱንም አጥፋው።

ሁሉን በአንድ ቀን ማስተካከል አትችልም፤ ቅደም ተከተል ያስፈልግሃል። ቅደም ተከተሉን የምትወስደው ገቢህን ከሚመረምሩት ሰዎች ነው። የገቢ ፕሮግራሙ መርማሪዎች ሁሉንም ቪዲዮ ማየት ስለማይችሉ የቻናሉን ዋና ጭብጥ፣ ብዙ የታዩትን፣ አዳዲሶቹን፣ ትልቁን የእይታ ሰዓት ያመጡትን፣ እንዲሁም ርዕስ፣ ተምኔልና መግለጫን፣ ስለ ቻናሉ የጻፍከውንም ያያሉ። አንተም በዚያው መንገድ ሂድ። `Analytics` ውስጥ ቪዲዮዎችህን በእይታ ሰዓት ደርድርና ከላይ ጀምረህ ውረድ፤ የመጨረሻዎቹን አሥር ጭነቶችም ጨምር። የቀሩትን `Content` ገጽ ላይ ምልክት አድርገህ `Edit` ብትል ታጋቸውን በአንድ ጊዜ ማስተካከል ይቻላል። መግለጫ ላይ ግን ጠንቀቅ በል። የሁሉንም በአንድ ጽሑፍ የተካህ እንደሆነ የደቂቃ ዝርዝሮችህ አብረው ይጠፋሉ፣ መመለሻም የለውም። ከመንካትህ በፊት የነበረውን ገልብጠህ አስቀምጥ።

በሌላ ቋንቋ ርዕስና መግለጫ አስገብተህ ከነበረ ዋናውን ስትቀይር ትርጉሙ አብሮ አይቀየርም፤ የትርጉሞቹ ገጽ ውስጥ አሮጌው ተኝቶ ታገኘዋለህ። የፕሌይሊስት ስሞችህንም አንድ ጊዜ ቃኛቸው።

ስለ ገቢህ፦ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻውን ክፍያ አያስቆምም። የሚያስፈራው ድግግሞሽ ነው፤ ከገቢ ፕሮግራሙ ቢያግዱህ ይግባኝ ለማለት ያለህ 21 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ቻናሉ ጸድቶ ከጠበቃቸው የምትለው ይኖርሃል። ቪዲዮ ላይ የሚታየው ቢጫ የዶላር ምልክት ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ እሱ ቪዲዮው ለአብዛኞቹ አስተዋዋቂዎች አይመችም ማለት ነው፣ ሌላ መመሪያ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚያስጨንቅህ የእይታ ነገር እንደሚሆን አውቃለሁ። ልዋሽህ አልፈልግም፦ ርዕሱን እውነተኛ ስታደርገው ተምኔሉን አይተው የሚጫኑት ሰዎች ድርሻ ሊቀንስ ይችላል። ግን ያንን ቁጥር ብቻውን አትየው። በቪዲዮው ትንተና ውስጥ ከ30 ሰከንድ በኋላ ምን ያህል ሰው እንደቀረ ይጽፍልሃል። በተነሣው ቪዲዮ የቀሩትን ሰዎች የሚያሳየው መስመር 2ኛው ደቂቃ ላይ ገደል ሲገባ አይተህ ይሆናል፤ ካቻቪቴው ሲወጣ «1 ደቂቃ» የተባለው ሰው የሄደበት ቦታ ነው። አዲሱ ርዕስ ያነሰ ሰው አምጥቶ ብዙውን ካስቀረልህ አትነካካው። ሁለቱም ከወረዱ ግን እውነቱን ይዘህ አቀራረቡን ቀይር። ለዚህ ስቱዲዮ ውስጥ ተምኔሎችን የሚያወዳድር መሣሪያ አለ፤ እስከ ሦስት ተምኔል አስገብተህ ታወዳድራለህ። አሸናፊውን የሚመርጠው በጠቅታ ሳይሆን ባመጣው የእይታ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ የዛገውን ቦርድ፣ የተፈታውን ሶኬትና ከጽዳት በኋላ የበራውን ስክሪን አስገባለትና የትኛው እንደሚሻል ከተመልካቾችህ ስማ።