የአቃቂ ጎመን እና የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት

ለመመረቂያ ጽሑፍ የምትዘጋጁ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ የምትኖር የጎረቤቴ ልጅ ኮምፒውተሯን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ይህን የመመሳሰል መቶኛ እንዴት ላውርደው?» ብላ ጠየቀችኝ። የሁለተኛው ምዕራፍ፣ ማለትም የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝቷ፣ 34 በመቶ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ይመሳሰላል ተብሎ ተመልሶባታል። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የሰረቀችው ነገር የለም፤ ምንጮቿን አንድ በአንድ ጠቅሳለች። ነገር ግን እያንዳንዱ አንቀጽ «እገሌ ባደረገው ጥናት» ብሎ ይጀምርና የጥናቱን ዓላማ፣ ቦታውን፣ የናሙናውን ብዛትና ውጤቱን በተራ ይደረድራል። ከዚያ ሌላ እገሌ ይመጣል።

የምታጠናው በአትክልት ውስጥ ስላለ እርሳስ ነው፤ ጥያቄዋ አንድ ልጅ አስታወሰኝ። ማስተማር ሳልተው የማውቀው፣ ዝምተኛ፣ የገበሬ ልጅ ነበር። ከአቃቂ ወንዝ በሚጠለፍ ውሃ የሚለማ ጎመን ውስጥ ምን ያህል እርሳስና ክሮሚየም እንዳለ ያጠና ነበር። በማለዳ ወደ ማሳዎቹ ወርዶ አፈሩንና ቅጠሉን በላስቲክ ከረጢት እየያዘ ይመጣል። ያን ጊዜ አቃቂ ዳር የሚሄድ ሰው ወንዙን ከማየቱ በፊት ያሸተዋል፤ የቆዳ ፋብሪካውም፣ የከተማው ፍሳሽም፣ ሁሉም ወደዚያው ይወርዳል፤ ውሃው አባ ሳሙኤል ገብቶ ከዚያ አዋሽ ይቀላቀላል። ሴቶቹ ግን በዚያው ውሃ ያደገውን ጎመን በሸክም አውጥተው ሲሸጡ የሚያምር አረንጓዴ ነበር፤ እኔም ገዝቼ አውቃለሁ።

ልጁ ጽሑፉን ሊያቀርብ ሲቆም ከፈታኞቹ አንዱ ስለ ጎመን ምንም ሳይጠይቀው የመመሳሰል ሪፖርቱን ማንበብ ጀመረ። «ይህ የማን ዓረፍተ ነገር ነው? ይህስ?» ልጁ «ሁሉንም ጠቅሻለሁ እኮ» ከማለት በቀር መልስ አላገኘም። ከተመሳሰሉት መካከል አንዱ ልጁ አይቶት እንኳ የማያውቀው የሌላ ተማሪ ጽሑፍ ነበር። ይህ ለፈታኙ ማስረጃ መሰለው። ለእኔ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ሁለቱም ተማሪዎች የአንድን ጥናት አኅጽሮት ከፊታቸው ዘርግተው፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ቃላቱን ብቻ እየለወጡ ጻፉት። አንድ አኅጽሮት በስንት ዓይነት መንገድ ሊቀየር ይችላል? ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ መገናኘታቸው አይቀርም።

የሚቆጨኝ ግን ከወቀሳው ይልቅ ልጁ በእጁ ይዞት የነበረው ነገር ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። ምን እንደነበር ላሳያችሁ፤ ቁጥሮቹን ለማሳያ እኔ ራሴ አስቀምጫቸዋለሁ። አንድ ጥናት በጎመን ውስጥ በኪሎ 2 ሚሊ ግራም እርሳስ አገኘሁ ይላል። ሌላው 0.2 ይላል። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለቅጠላ ቅጠል የሚፈቅደው የእርሳስ መጠን 0.3 ነው። በየደራሲው የሚጽፍ ተማሪ የመጀመሪያውን በአንድ አንቀጽ «ከወሰን በላይ»፣ ሁለተኛውን በሌላ አንቀጽ «ከወሰን በታች» ብሎ ያልፍና «ጥናቶቹ ይቃረናሉ» ብሎ ይዘጋል። አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ክብደቱ የተለካው ጎመኑ ደርቆ ነው ወይስ እርጥብ ሳለ? ጎመን ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ውሃ ነው። የመጀመሪያው ጥናት የደረቀ ቅጠል ከሆነ የለካው፣ የእሱ 2 በእርጥብ ክብደት 0.2 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ተቃረኑ የተባሉት ሁለቱ ጥናቶች አንድ ነገር ነው የተናገሩት። የኮዴክስ ወሰንም ለገበያ ለሚቀርበው እርጥብ ቅጠል ስለሆነ 2ን ከ0.3 ጋር ማወዳደር ከመነሻው ስህተት ነበር።

ልጁ ይህን የሚያሳዩ መረጃዎች በሙሉ በማስታወሻው ውስጥ ነበሩት። በየደራሲው ስለ ጻፋቸው ግን እርስ በርስ አልተያዩም። ተመርቆ ሥራ ገባ፤ ወደ ጥናቱም አልተመለሰም።

ለጎረቤቴ ልጅ ያሳየኋት ሥራ ይህ ነው። አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ትሠራላችሁ። ወደ ታች ጥናቶቹን፣ ወደ ጎን ጥያቄዎቹን ትጽፋላችሁ፦ በደረቅ ነው በእርጥብ የተለካው? ቅጠሉ ታጥቧል ወይስ ከነአቧራው ነው? ናሙናው የተወሰደው በበጋ ነው ወይስ ወንዙ በሞላበት በክረምት? የትኛው አትክልት ነው? በየሳጥኑ ቁጥር ወይም ሁለት ሦስት የራሳችሁን ቃላት ብቻ አስገቡ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከገባ የደራሲው ዓረፍተ ነገር ነው፤ በኋላ ተመልሶ ይወጣባችኋል። ጥናቱ መልስ ካልሰጠ ሳጥኑን ባዶ ተዉት። ከጥናቶቹ ብዙዎቹ ስለ መታጠብ ዝም ካሉ ያ ራሱ የምትጽፉት ግኝት ነው፤ ምክንያቱም አቧራና አፈር ቅጠሉ ላይ ከቀረ ሥሩ ከሳበው ብረት ጋር አብሮ ይቆጠራል።

ከዚያ ጽሑፎቹን ሁሉ ዝጉና ከሠንጠረዡ ብቻ ጻፉ፤ አንዱን ዓምድ ከላይ እስከ ታች አንብባችሁ አንድ አንቀጽ። አንቀጹ በደራሲ ስም ሳይሆን በሐሳብ ይጀምር። ለምሳሌ፦ «በጎመን ውስጥ ስላለው እርሳስ የተሰጡት ቁጥሮች የተራራቁ ቢመስሉም፣ በእርጥብ ክብደት ሲሰሉ ይቀራረባሉ፤ የቀረውን ልዩነት ለማስረዳት ግን ቅጠሎቹ መታጠባቸውን የገለጹት ጥናቶች ጥቂት ናቸው።» ደራሲዎቹ በየሐሳቡ መጨረሻ ይጠቀሳሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከየትኛውም አኅጽሮት መቅዳት አይቻልም፤ የትም የለምና። መቶኛው የሚወርደው በዚህ ነው።

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። አኅጽሮቱን አንብባችሁ ጽሑፉን አነበብን ትላላችሁ፤ ክብደቱ በምን እንደተለካ የሚገኘው ደግሞ አኅጽሮቱ ላይ ሳይሆን ማንም የማይከፍተው የአሠራር ክፍል ውስጥ ነው። እኛ በካርድ ላይ በእጅ እየጻፍን ነበር የምናነብ። እውነቱን ለመናገር ግን የእኛም ካርድ ብዙውን ጊዜ ግልባጭ ነበር፤ የሚይዝ ማሽን ስላልነበረ ብቻ ንጹሕ መሰልን።

ደግሞ መመሳሰሉን የሚለካውን ማሽን አትፍሩት፣ አትመኑትም። ተርኒቲንም ሆነ ሌላው የሚቆጥረው የተገናኙ የቃላት ሰንሰለቶችን ነው። የመሣሪያ ስም፣ የደረጃ ስም፣ የምንጮች ዝርዝር መመሳሰላቸው አይቀርም፤ እነሱን ለማጥፋት ስትሉ «እርሳስ»ን «ከባድ ግራጫ ብረት» አትበሉት፤ እንዲህ ያለ ነገር አንብቤአለሁ። በሌላ በኩል 3 በመቶ ያለው ምዕራፍ የሰው ሐሳብ ሳይጠቀስ የተወሰደበት ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑ ሐሳብ አያይም።

አንዳንድ ጥናት ብቻውን አንቀጽ ይገባዋል፤ እዚህ ላይ ከላይ ያልኩትን አፈርሳለሁ። ዘዴውን መጀመሪያ ያመጣ ወይም ሌሎቹ ሁሉ የሚከተሉት ከሆነ በስሙ ጀምሩለት። ሠላሳውንም ጥናት እንዲህ ማድረግ ነው ችግሩ።

የጎረቤቴን ልጅ ሠንጠረዥ አብረን ስንሞላ አንድ ነገር አስቆመን። አንዱ ጥናት ለእርሳስ የወሰደው ወሰን 5 ሚሊ ግራም ነው። ከየት እንዳመጣው ስንፈልግ፣ 5 የተባለው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በሊትር የመስኖ ውሃ ውስጥ ያስቀመጠው መጠን ነው፤ በጎመን ላይ የተጻፈ አይደለም። ወሰን የሚል ሌላ ዓምድ ጨመረች፣ ቁጥሩ ለውሃ ይሁን ለቅጠል የሚል። አሁን እሱን እየሞላች ነው።