የሰርጉ ዕለት ዝም ያሉት 300 ዘፈኖች

ጥያቄ፦ የምኖረው ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነው። ለእህቴ ልጅ ሰርግ ደብረ ታቦር አካባቢ ወዳለው ገጠራችን ሄጄ ነበር። ከመሄዴ በፊት 300 የሚሆኑ ዘፈኖች ስልኬ ላይ አወረድኩ። ወደ 40 የሚሆኑትን አንድ በአንድ ገዝቻቸዋለሁ፤ የቀሩት በሙዚቃ አፑ ወርሃዊ ደንበኝነት ያወረድኳቸው ናቸው። ወርሃዊውን ክፍያ በሰዓቱ እልካለሁ። ዲሴምበር 23 ከአዲስ አበባ ወጣሁ፣ ሰርጉ ጃንዋሪ 24 ነበር። የሰርጉ ዕለት ታዲያ አንዱም ዘፈን አልጫወት አለ። ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ አብዛኞቹ አሁንም አይሠሩም። ባንኬ ጋ ደውዬ የዓመቱን ክፍያ ላስመልስ? ኩባንያውን መክሰስስ እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ አንድ ቃል ያዘኝ። «እልካለሁ» ይላሉ። ሰው ስለ ራሱ ደንበኝነት ሲያወራ «ከካርዴ ይቆረጣል» ነው የሚለው። እርስዎ የሚልኩት ለማን ነው?

ግምቴን ልንገርዎ፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። አንድ ጓደኛዎ ወይም ዘመድዎ የቤተሰብ ፓኬጅ ከፍቷል። እርስዎም ድርሻዎን በየወሩ በዜል ይልኩለታል። እንዲህ ከሆነ ከኩባንያው ጋር የተዋዋለው እሱ ነው። እርስዎ በእሱ ውል ውስጥ የገቡ እንግዳ ነዎት። የቤተሰብ ፓኬጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ቤት ለሚኖሩ ሰዎች ነው የሚፈቀደው። ስፖቲፋይ ለምሳሌ አባላቱ በአንድ አድራሻ እንዲኖሩ ይጠይቃል። ጓደኛዎ ሳክራሜንቶ፣ እርስዎ ኦክላንድ ከሆናችሁ የኩባንያው ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው።

ይህን የጠረጠርኩት ከቃሉ ብቻ አይደለም። የደረሰብዎት አንድ ችግር ሳይሆን ሁለት ይመስለኛል።

የመጀመሪያው የሰርጉ ዕለት የሆነው ነው። በወርሃዊ ደንበኝነት የሚወርድ ዘፈን የተቆለፈ ፋይል ነው። ፋይሉ ስልክዎ ላይ አለ፣ ቦታም ይይዛል። የሚከፍተው ቁልፍ ግን የጊዜ ገደብ አለው። አፑ በየጊዜው ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ «ይህ ሰው አሁንም ደንበኛ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካገኘ ቁልፉ ይታደሳል፤ ካላገኘ ፋይሉ ዝም ይላል። ስፖቲፋይ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ላይ ይውጡ ይላል። ሌሎቹም ተመሳሳይ ገደብ አላቸው፤ የእርስዎን ከውሉ ላይ ይፈልጉ። አሁን እንቁጠር። መጨረሻ አፑን ኢንተርኔት ላይ የከፈቱት አዲስ አበባ፣ ዲሴምበር 23 ከሆነ 30ኛው ቀን ጃንዋሪ 22 ነው። ሰርጉ ጃንዋሪ 24። በሁለት ቀን አመለጠዎት ማለት ነው። «ገጠርም ቢሆን አልፎ አልፎ ቴሌግራም ይሠራልኝ ነበር» ይሉኝ ይሆናል። ኔትወርክ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። የሙዚቃ አፑ ራሱ ካልተከፈተ ወይም መስመሩ ደክሞ መልስ ካላመጣ ቁልፉ ላይታደስ ይችላል።

ሁለተኛው ችግር ከተመለሱ በኋላ የሆነው ነው። ችግሩ የ30 ቀኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ቤትዎ ገብተው አፑን ዋይፋይ ላይ ሲከፍቱ ዘፈኖቹ በደቂቃዎች ውስጥ በተመለሱ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተመለሱም። ያኔ ነው «እልካለሁ» የሚለው ቃል ከበድ ያለብኝ። የጓደኛዎ ካርድ ተቀይሮ ይሆን? ከፓኬጁ አውጥቶዎት ይሆን? ከጠበቃም ከባንክም በፊት እሱ ጋ ይደውሉ።

አንድ ነገር ግን ይለዩልኝ። የጠፉት ጥቂት ዘፈኖች ብቻ ከሆኑና የአንድ አሳታሚ ከሆኑ፣ ባለመብቱ ከአገልግሎቱ አንስቷቸው ይሆናል፤ ያ የእርስዎም የጓደኛዎም ጥፋት አይደለም። በሌላ ስልክዎ ላይ ሠርተው በዚህኛው ብቻ እምቢ ካሉ ደግሞ የመሣሪያ ብዛት ገደብ አልፈው ይሆናል።

ሕጉን ባጭሩ ልጨርሰው። በወርሃዊው ያወረዷቸው ወደ 260 ዘፈኖች ኪራይ ናቸው፤ በውሉ ላይ «ፈቃድ» ይባላል። ኩባንያው አፑ በየጊዜው ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ እንደሚያጣራ በውሉ ላይ ጽፎ ከሆነ፣ በእነዚህ ላይ ክስ ይቆማል ብዬ አልነግርዎትም። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1፣ 2025 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አላት። ሻጭ ሊነጥቀው የሚችለውን ዲጂታል ዕቃ «ግዛ» እያለ ሲሸጥ፣ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ እንዲናገር ያስገድዳል። ይህን የሰሙ ሰዎች ደስ ብሏቸው ይደውሉልኛል። ነገር ግን ሕጉ ደንበኝነቱ እስካለ ድረስ ብቻ ያዳምጡ ብሎ የሚያስተዋውቅን ወርሃዊ አገልግሎት አይነካም። ሻጩ ሊነጥቀው የማይችለውን፣ በቋሚነት ወርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ፋይልንም አይነካም። ስለዚህ ጉዳይዎ ካለ ያለው በ40ዎቹ ላይ ነው።

አሁን ወደ ባንኩ ልምጣ፤ ትንሽ እቆጣለሁ። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። ሰው ይናደዳል። ባንኩ ጋ ይደውላል። «ይህን ክፍያ አላምንበትም» ይላል። ባንኩ ለጊዜው ገንዘቡን ይመልሳል፣ ሰውዬው ያሸነፈ ይመስለዋል። ኩባንያው ደግሞ በዚያው ሳምንት አካውንቱን ይዘጋዋል። ብዙ ውሎች ክፍያው የተካደበትን አካውንት የማገድ መብት ለኩባንያው ይሰጣሉ። አካውንቱ ሲዘጋ ወርሃዊው ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ በእውነት የገዟቸው 40 ዘፈኖች ያሉትም እዚያው ውስጥ ነው። የመግዣ ታሪክዎ እዚያ ነው። እንደገና የሚያወርዱበት በርም እዚያ ነው። የ15 ዶላር ጸብ የዓመታት ግዢ ሲበላ አይቻለሁ።

የእርስዎ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ገንዘቡን በዜል ለጓደኛዎ ከላኩ ከባንክዎ ወደ ኩባንያው የሄደ ክፍያ የለም። የሚቃወሙት ምኑን ነው? «ለጓደኛዬ የላክሁትን አላውቀውም» ሊሉ ነው? ያ ሐሰት ነው፣ ለባንክ ሐሰት መናገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ጓደኛዎ በራሱ ካርድ ላይ ቢክድ ደግሞ የፓኬጁ ሰው ሁሉ አብሮ ሊወጣ ይችላል፣ ልጆቹም ጭምር። የዓመቱን ማስመለስ የሚሉት ነገርም ሕጉ አይደግፈውም። በክሬዲት ካርድ ላይ የሒሳብ ስህተትን በጽሑፍ ለመቃወም ያለው ጊዜ፣ ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከ ጀምሮ 60 ቀን ነው። ያለፈው ዓመት አልፏል። ደግሞም በየወሩ ሲያዳምጡ ከርመው «አገልግሎቱን አላገኘሁም» ማለት አይገባም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥ። ከማንም ጋር ሳይጣሉ 40ዎቹን ያድኑ። ኢሜይልዎ ውስጥ ደረሰኞቹን ይፈልጉ። ደረሰኙ የመጣው ለእርስዎ ነው ወይስ ለጓደኛዎ? ለእርስዎ ከሆነ በራስዎ አካውንት ኮምፒውተር ላይ ይግቡና የገዟቸውን ከሱቁ ያውርዱ። የደንበኝነቱ አፕ ላይ ያለውን «አውርድ» ቁልፍ አይጫኑ፤ ያ የኪራዩን ቅጂ ነው የሚያመጣው። አንድ ዘፈን በኪራይም በግዢም ሊኖርዎት ይችላል፣ ስልኩ ደግሞ የኪራዩን ያጫውታል። የገዟቸውም ሰርጉ ላይ ዝም ያሉት በዚህ ይመስለኛል፤ ወይም ጭራሹኑ አልወረዱም ነበር።

ከዚያ ይፈትኗቸው። ዋይፋዩን ያጥፉ። ፋይሉን በሌላ ማጫወቻ፣ ለምሳሌ በቪኤልሲ ይክፈቱት። ከተጫወተ በእጅዎ ነው፤ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይቅዱት። የፋይሉን ስም መጨረሻም ይመልከቱ። `.mp3` ቁልፍ የለውም። የአፕል `.m4p` የተቆለፈ ነው። `.m4a` አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው። አይቱንስ ከ2009 ጀምሮ ዘፈን የሚሸጠው ያለ ቁልፍ ነው፤ የገዙት ከዚያ በፊት ካልሆነ በስተቀር መክፈቱ ላይቸግር ይችላል።

ሰፈር ውስጥ «ቁልፉን ሰብሬ አወጣልሃለሁ» የሚል ልጅ መቼም አይጠፋም። እባክዎ አይስጡት። ቁልፉን መስበር ራሱ በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የተከለከለ ነው። ዛሬ ተበዳይ ሆነው ነገ ተከሳሽ አይሁኑ። ሰርግ ላይ ማጫወትም ሌላ ነገር ነው፤ ውሎቹ ለግል ማዳመጥ ነው የሚፈቅዱት። ለክስ ማመልከቻ ሲጽፉ ሰርጉን ዋና ምክንያት አያድርጉት።

የገዟቸው ተፈትነው እምቢ ካሉ፣ ወይም ሱቁ «ከእንግዲህ ማውረድ አይቻልም» ካለዎት ያኔ እንነጋገር። ሲገዙ ያዩት ገጽ ምን ይል ነበር? «ግዛ» ይል ነበር? ፈቃድ ብቻ መሆኑን ነግሮዎታል? የገዙት ከጃንዋሪ 2025 በኋላ ነው ወይስ በፊት? መልሱ እዚህ ላይ ይለያያል። ውሉ ጸቡ ከፍርድ ቤት ውጭ እንዲዳኝ የሚያስገድድ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ሊኖረው ስለሚችል እሱንም አትመው ይያዙ። ብዙዎቹ ውሎች አነስተኛ ጉዳዮችን ወደሚያይ ፍርድ ቤት መሄድን አይከለክሉም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግለሰብ እዚያ እስከ 12,500 ዶላር መጠየቅ ይችላል፤ ጠበቃም ፊት ለፊት ቆሞ አይከራከርም። ለ40 ዘፈን ዋጋ ግን ቀኑን ማቃጠል ይገባል ወይ የሚለውን እርስዎ ያስቡበት።

ይህ ዓምድ የጠበቃና የደንበኛ ውል አይደለም። ፋይሎችዎን ሳላይ ከዚህ በላይ አልልም። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚሠራ የሸማቾች መብት ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። ሲሄዱም የ40ዎቹን ደረሰኝ፣ የዜል መዝገብዎን፣ ከጓደኛዎ ጋር የተጻጻፉትን፣ የውሉን ቅጂና ቀኑ የሚታይ የስልክዎን ስክሪንሾት ይዘው ይሂዱ። እስከዚያ ድረስ አፑን አያጥፉት፣ ከአካውንቱም አይውጡ። ያን ካደረጉ የወረደው ሁሉ ከስልኩ ሊጠፋና ማስረጃዎም አብሮ ሊሄድ ይችላል።