ወንድሜን «ዲናያል ላይ ነህ» ብዬው ስምንት ወር ከሰርኩ

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ አለቃው ሲያናድደው ትንፍሽ አይልም፣ ቤት ገብቶ ልጃችን ላይ ይጮኻል። ምን ሆነህ ነው ስለው "አንቺ ነሽ የተናደድሽው" ይለኛል። ከሥራ ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶታል፣ እሱ ግን ምንም ችግር የለም ባይ ነው። ዲስፕሌስመንት፣ ፕሮጀክሽን፣ ዲናያል የሚባሉት ይምታቱብኛል። የቱ የቱ ነው? ለእሱስ ልንገረው?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። አትንገሪው። እኔ ነግሬ ያየሁትን አይቻለሁ።

1ኛ. መምታታቱን የምትገላገይው አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘሽ ስትገለባብጪው ነው። «አለቃዬን ጠላሁት» የሚለውን ያዢ። ለባለቤትሽ ይሄ ስሜት ከባድ ነው፤ አለቃን መጥላት እንጀራ ያሳጣል። ንዴቱ የሱ እንደሆነ ቀርቶ የሚያርፍበት ሰው ብቻ ከተቀየረ ዲስፕሌስመንት ነው። ልጁ ላይ የሚጮኸው ለዚህ ነው። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ብለው ጨርሰውታል። የንዴቱ ባለቤት ከተቀየረ ደግሞ ፕሮጀክሽን ነው፤ «አንቺ ነሽ የተናደድሽው» ማለት። ይሄም ተረት አለው፣ «ሌባ እናት ልጇን አታምንም»። ነገሩ ራሱ እንደሌለ ከተቆጠረ ዲናያል ነው። ደብዳቤው እጁ ላይ ነው፣ ችግሩ ግን የለም።

መገለባበጡ የኔ ፈጠራ አይደለም። የሥነ ልቦና ትንተና መሥራቹ ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1911 «እጠላዋለሁ» የሚለው ስሜት «እሱ ይጠላኛል» ሆኖ እንደሚዞር ጽፏል። ልጁ አና ፍሮይድ ደግሞ በ1936 እንደነዚህ ሦስቱ አእምሮ ከከባድ ስሜት ራሱን ስለሚከላከልባቸው መንገዶች፣ መከላከያ ስለሚባሉት፣ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አወጣች። ይሄን በማታው የሥነ ልቦና ትምህርት ሸምድጄ፣ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፌ ነበር። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

2ኛ. ዲናያልን ከውሸት ለዪ። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ ውሃ ጥም አላስቆም ብሎት ተመረመረ። በባዶ ሆዱ ስኳሩ 243 ወጣ። ከ126 ጀምሮ ስኳር በሽታ ይባላል፣ በሌላ ቀን ተደግሞ ሲረጋገጥ። ተደገመ፣ 238 ሆነ። ጋሼ «ማሽናቸው ተበላሽቷል» አለ። ሌላ ክሊኒክ ሄደ። ያም ማሽን ተበላሽቶ ተገኘ!

እኔ መጀመሪያ የሚደብቀን መስሎኝ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልኩ ስተርት ሰነበትኩ። አንድ ቀን ሳሎኑ ተቀምጬ የውጤት ወረቀቱን ቴሌቪዥኑ ሥር አየሁት። ገልብጦ ጀርባው ላይ የቧንቧ ሠራተኛ ስልክ ጽፎበታል። የሚዋሽ ሰው ወረቀቱን ይቀድደዋል ወይ ይቆልፍበታል፣ ምክንያቱም ያውቀዋል። ጋሼ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። ለሱ ተራ ወረቀት ነበር። የመከላከያዎቹ ዋና ጠባይ ይሄ ነው፤ ሰውየው ሳያውቀው ነው የሚሠሩት። ባለቤትሽም ሆን ብሎ እያሾፈብሽ አይደለም፣ ልክ እንደ ጋሼ ነው።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? እሑድ ምሳ ላይ፣ ሚስቱና ልጆቹ ባሉበት፣ «ጋሼ፣ ይሄ ዲናያል ይባላል፣ አንተ እውነታውን መጋፈጥ ስላልቻልክ ነው» አልኩት። ትምህርቴን ላሳይ። ጉርሻውን መሶቡ ላይ መለሰው። «ድሮም ፈሪ አንቺ ነሽ። ሰው ባነጠሰ ቁጥር ሬሳ የምታይ!» ብሎኝ ተነሳ። አየሽው? ዲናያሉን ስነካካበት ፕሮጀክሽን ሆኖ ወጣ። ፍርሃቱ የትም አልሄደም፣ ተሸካሚ ብቻ ቀየረ። ማታ ደግሞ ትንሿ ልጁ ሻይ ያለ ስኳር ብታቀርብለት ብርጭቆውን ወርውሮ ሰበረው። በአንድ እሑድ ሦስቱንም አየኋቸው። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሐኪም ቤት አልሄደም፣ ከኔም ጋር ተኮራረፍን።

መከላከያ ያለ ምክንያት አይቆምም፣ ከጀርባው የሚያስፈራ ነገር አለ። የፈራውን ሳትነኪ አጥሩን ብቻ ካፈረስሽበት ሌላ አጥር ያጥራል። ሙያተኞቹም ቢሆኑ ቸኩለው «አንተ እኮ እንዲህ እያደረግክ ነው» አይሉም፣ ሰውየው ራሱ አፉ ላይ እስኪደርስ ይጠብቃሉ። እኔ ግን ሰርተፊኬቴ ገና ቀለሙ አልደረቀም ነበር።

ስለ ካርድ ክፍሉ ሳልነግርሽ አላልፍም። አንዱ ሆስፒታል የጋሼን ፋይል ለማውጣት ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ተሰለፍኩ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ሴትዮዋ ቀና እንኳን ሳትል «ታካሚው ከሌለ ምን ትሠሪያለሽ? ዞር በይ!» አለችኝ። ሕጉ ልክ ነው፣ አፏ ግን ልክ አልነበረም። አንድ ቃል አልመለስኩላትም። ቤት ገብቼ ልጄን ሽንኩርት ወፍራም ከተፍሽ ብዬ ጮኽኩባት። ልጅቷ ቢላዋውን አስቀምጣ ዝም ብላ አየችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። አህያዋ መስኮቱ ጋ ቀርታለች፣ እኔ ዳውላ እየደበደብኩ ነው። ምልክቱ ይሄው ነው፤ ንዴቱ ከጥፋቱ ሲበልጥ፣ የሚወርድበትም ሰው መመለስ የማይችል ሲሆን ጠርጥሪ።

አንድ ነገር ግን፣ እሱ የሚልሽን ሁሉ ፕሮጀክሽን አትበይ። «አኩርፈሻል» ሲልሽ በእርግጥ አኩርፈሽ ከሆነ ሰውየው ትክክል ነው፣ በቃ። ይሄን ቃል የያዘ ሰው መቼም አይሸነፍም፣ ለዚህ ነው አደገኛ የሆነው። እጁን ልጁ ላይ ካነሳ ደግሞ የቱ መከላከያ ነው የሚለውን ተዪው፣ መጀመሪያ ልጁን አርቂ።

ጋሼ እንዴት ሄደ በይኝ። ለፋሲካ ታረቅን። በረንዳ ላይ ጫማውን አውልቆ አውራ ጣቱን በስልኩ መብራት ሲያይ ደረስኩበት። ጥፍሩ ሥር ትንሽ ቁስል አለች። ስለ ስኳር አላነሳሁም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ «አባባን አስታወስከኝ» አልኩት። አባታችን በዚሁ በሽታ እግሩ ተቆርጦ ነው የሞተው፣ ጋሼ ነበር ሆስፒታል ያስታመመው። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «መጋዙን ሰምቼዋለሁ፣ በር ላይ ቆሜ» አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገረም። «ሐኪሙ ዛሬ ያንተን እግር አይቆርጥም፣ ቁስሏን ያያል» አልኩት። ሰኞ ጠዋት ራሱ ሄደ። አሁን ኪኒኑን ይውጣል፣ ማታ ማታ እግሩን ያያል፣ ማሽኑ ግን አሁንም ትንሽ ያበዛል ይላል።

ስለዚህ ደብዳቤዎቹን ትተሽ ከሥራ መባረር ለባለቤትሽ ምን እንደሚመስለው ፈልጊ። አባቱ ሥራ አጥቶ ያውቃል? ከማን ጋር ነው ያየው? ማታ ልጁ ሲተኛ፣ ንዴቱ ሲበርድለት፣ በዚያ በኩል ግቢ።

3ኛ. ልለው የነበረውን ረሳሁት። እ፣ አዎ፣ ራስሽንም እዪ። ጋሼ «ፈሪ አንቺ ነሽ» ያለኝ ለካ ግማሹ እውነት ነበር። የስኳርተኛ ልጅም እህትም ሆኜ፣ እሱን ስምንት ወር ስጨቀጭቅ እኔ አንድ ቀን ተመርምሬ አላውቅም ነበር። ባለፈው ወር ሄድኩ፣ በባዶ ሆዴ 112 ወጣ። ገና አልሆነም፣ በሩ ላይ ነው። ካርዱን ተሰልፎ ያወጣልኝ ጋሼ ነው። ያቺው ሴትዮ «ታካሚዋ የታለች?» ብላ ጮኸችበት።