ዳያዜፓም በር ያስከፍታል፣ ፌኖባርቢታል ራሱ ይከፍታል

«ቤንዞዳያዜፒንም ባርቢቹሬትም የሚሠሩት ጋባ-ኤ ሪሴፕተር ላይ ነው። አንዱ ፍሪኩዌንሲ ይጨምራል፣ ሌላው ዱሬሽን ይጨምራል። ይህን ሸምድጃለሁ። ግን አንዱ ከመጠን በላይ ሲወሰድ ብዙም የማይገድለው፣ ሌላው የሚገድለው ለምንድነው? ፋርማሲ ተማሪ ነኝ፣ ሆስፒታል የሠራችሁ እህት ወንድሞች እባካችሁ አስረዱኝ።»

እህቴ፣ ያልገባሽ በአንቺ ጥፋት አይደለም። «ፍሪኩዌንሲና ዱሬሽን» እውነት ነው፣ ለፈተናም ይበቃል፤ ግን የጥያቄሽ መልስ እዚያ ውስጥ የለም። እኔም እንዳንቺ ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። የገባኝ ክፍለ ሀገር አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በሐኪምነት ስሠራ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት በሽተኞች አንድ አልጋ ላይ ተከታትለው ከተኙ በኋላ ነው። ወደነሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ስለ ሪሴፕተሩ ትንሽ ላውራ።

ሪሴፕተሩን እንደ ግቢ በር አስቢው። ከአምስት የፕሮቲን ክፍሎች የተገጣጠመ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አልፋ፣ ሁለት ቤታ፣ አንድ ጋማ። መሃላቸው ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ሲከፈት ክሎራይድ ወደ ሴሉ ይገባል፣ ያኔ ነርቩ ይረጋጋል፣ መልእክት ማስተላለፍ ይከብደዋል። በሩን የሚያንኳኳው እንግዳ ጋባ ነው። ጋባን የሚለቀው ጎረቤት ያለው ነርቭ ነው፣ የሚቀመጠውም አልፋና ቤታ በሚገናኙበት ቦታ ነው።

አሁን ከቤንዞዳያዜፒኖቹ አንዱ የሆነው ዳያዜፓም መጣ እንበል። እሱ የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነው፣ አልፋና ጋማ መሃል። እዚያ ተቀምጦ ምን ያደርጋል? ዘበኛውን ያነቃዋል። እንግዳ ባንኳኳ ቁጥር ዘበኛው ቶሎ ይከፍታል። ስለዚህ በሩ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፤ ፍሪኩዌንሲ ያልሽው ይሄ ነው። ግን ልብ በይ፣ እንግዳ ካልመጣ ዘበኛው የቱንም ያህል ንቁ ቢሆን በሩን አይከፍትም። ዳያዜፓም ብቻውን በሩን መክፈት አይችልም።

ከባርቢቹሬቶቹ አንዱ የሆነው ፌኖባርቢታል የሚቀመጠው ከነዚህ ሁሉ ጠለቅ ብሎ ነው፣ ቀዳዳው የሴሉን ሽፋን በሚያቋርጥበት አካባቢ። መጠኑ ትንሽ ሲሆን በሩ ከተከፈተ በኋላ ቶሎ እንዳይዘጋ ድንጋይ ያስደግፍበታል። ዱሬሽን የሚባለው ይሄ ነው። እስከዚህ ድረስ ካየሽው ሁለቱ መድኃኒቶች ያን ያህል አይራራቁም። ሁለቱም ያስተኛሉ፣ ሁለቱም የሚጥል በሽታን ያቆማሉ። ለዚህ ነው መጽሐፉ ላይ ጎን ለጎን ሲጻፉ ልዩነታቸው የቃል ጨዋታ የሚመስለው።

ልዩነቱ የሚወጣው መጠኑ ሲጨምር ነው። የፌኖባርቢታል መጠን ከፍ ሲል እንግዳ አያስፈልገውም፣ በሩን ራሱ ገፍቶ ይከፍተዋል። ጋባ ኖረም አልኖረም ክሎራይድ ይገባል። ከዚህም ሌላ በሌላ በኩል ያለውን ሥራ ይነካል፤ ነርቭን የሚቀሰቅሰው ግሉታሜት የሚጠቀምባቸውን አንዳንድ ሪሴፕተሮች ያፍናል። ፍሬኑን ረግጦ ነዳጁንም ዘጋ ማለት ነው። ዳያዜፓም ግን ቢበዛም ያው ዘበኛ ቀስቃሽ ነው። ጋባው ትንሽ ከሆነ ትንሹን ጋባ እንደ ብዙ ያሠራዋል፤ ጋባው ቀድሞውኑ ሞልቶ በሩ በአቅሙ ልክ እየተከፈተ ከሆነ ግን ዳያዜፓም ቢጨመር የሚገባው ክሎራይድ ብዙም አይጨምርም። ጣሪያ አለው። ጣሪያውን የሠራው የራስሽ አእምሮ ነው፣ ምክንያቱም አእምሮ የሚለቀው ጋባ ልክ አለው። ፌኖባርቢታል ይህ ጣሪያ የለውም። መጠኑ በጨመረ ቁጥር መጀመሪያ እንቅልፍ፣ ቀጥሎ ኮማ፣ ቀጥሎ አንጎል ግንድ ላይ ያለውን የትንፋሽ ማዕከል ያጠፋል፣ ከዚያ የደም ግፊትም ይወርዳል።

እንግዲህ ወደ በሽተኞቹ ልምጣ።

የመጀመሪያው ወጣት ልጅ ነበር። ቤተሰቦቹ ባዶ የዳያዜፓም ማሸጊያ ይዘው መጡ። ተስፋ ቆርጦ የወሰደው ነው፣ ዝርዝሩን አልጽፍም። ስሙን ስትጠሪው ያቃስታል፣ ደረቱን በጣትሽ ስትጫኚው እጅሽን ይገፋል። ትንፋሹ በደቂቃ 14፣ ኦክስጅኑ 94፣ የደም ግፊቱ 110 በ70። እናቱ እያለቀሰች ነው፣ እኔም ሌላ ነገር ይመጣል ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። በጎኑ አስተኛነው፣ ኦክስጅን አደረግን፣ ስኳሩን ለካን፣ ትንፋሹን በየጊዜው ቆጠርን። በማግስቱ ከሰዓት ተነስቶ ውሃ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ነው ከባዱ ሥራ የመጣው፣ ቁጭ ብሎ ማውራትና ከአእምሮ ሐኪም ጋር ማገናኘት።

ሁለተኛዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣች ልጅ ናት። ወንድሟ የሚጥል በሽታ አለበት፣ ቤታቸው ሩቅ ስለሆነ የብዙ ወር ፌኖባርቢታል አንድ ላይ ይሰጠዋል። በአገራችን ጤና ጣቢያ ለሚጥል በሽታ በብዛት የሚታዘዘው ይኸው መድኃኒት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ብዙ ሰው ከእሳትና ከወንዝ አድኗል። የወሰደችው የወንድሟን ነው። ስትመጣ ደረቷን ስትጫኚው ምንም የለም። ትንፋሿ በደቂቃ 6፣ ያውም አጭር አጭር። ኦክስጅኗ 70ዎቹ ውስጥ፣ ግፊቷ 80 በ50፣ ሰውነቷ ቀዝቃዛ፣ 34 ነጥብ ምናምን። ተረከዟና ጉልበቷ ላይ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ነበሩ፤ መጀመሪያ ቃጠሎ መስሎን ነበር፣ በኋላ ነው ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀስ በኮማ የተኛ ሰው ላይ፣ በተለይ በባርቢቹሬት፣ እንደሚወጣ ያነበብኩት።

በዚህ ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ፍሉማዜኒል ቢኖረን ኖሮ» አለ። በዚያ ሰዓት ስለደነገጥኩ ልክ ነው ብዬ ነበር። ግን አስቢው፣ የቤንዞዳያዜፒን ማርከሻ የሆነው ፍሉማዜኒል ዳያዜፓም የሚቀመጥበትን ወንበር ነው የሚወስደው፣ አልፋና ጋማ መሃል ያለውን። ፌኖባርቢታል እዚያ አልተቀመጠም። ስለዚህ ሞልቶ ቢተርፈንም ለእሷ ምንም አይሠራላትም ነበር። ባርቢቹሬት ማርከሻ የለውም። ለዳያዜፓምም ቢሆን ፍሉማዜኒልን ዝም ብለሽ አትሰጪም፤ መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ የለመደ ሰው ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ላይ ከባድ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል፣ ደግሞም ሥራው ሰዓት ገደማ ቆይቶ ሲያልቅ በሽተኛው ተመልሶ ይተኛል።

ስለዚህ ያለን አንድ ነገር ነው፦ ለእሷ መተንፈስ። ቱቦ አስገባን፣ ቬንትሌተር ስላልነበረን በአምቡ ባግ እየተቀባበልን ተነፈስንላት። እኔ፣ ሁለት ነርሶችና ወንድሟ። አጨማመቁን አሳየነው፣ በየአምስት ሴኮንዱ እንዲጫን። ሪፈር ሆስፒታሉ አልጋ እስኪሰጠን ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ፈሳሽ ሰጠናት፣ አሞቅናት፣ በአፍንጫ ቱቦ የመድኃኒት ከሰል ሰጠናት፤ ቱቦው ከገባና የትንፋሽ መንገዱ ከተጠበቀ በኋላ መሆኑን እንዳትረሺ፣ አለዚያ ከሰሉ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ለፌኖባርቢታል ከሰሉ በየጥቂት ሰዓቱ ይደጋገማል። ምክንያቱም ደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ተመልሶ ወደ አንጀት ይወጣል፣ ከሰሉ እዚያ ይይዘዋል።

ከሁሉ የሚያናድደኝን ልንገርሽ። ስትሄድ አንድ ሰው ለቤተሰቡ «አይኗ ለብርሃን አይመልስም፣ አልቋል» አላቸው። እናቷ መሬት ላይ ወደቀች። ይሄ ትልቅ ስህተት ነው። ባርቢቹሬት ሲበዛ ሞት የሚመስል ኮማ ያመጣል፣ የአእምሮ ሞገድ ሳይቀር ጠፍጣፋ ያደርጋል። መድኃኒቱ ከደም እስኪወጣ ድረስ የአንጎል ሞት ተብሎ አይወሰንም። ፌኖባርቢታል ደግሞ ቶሎ አይወጣም፣ አዋቂ ሰው ላይ ግማሹ እንኳን እስኪወጣ አራት ቀን ገደማ ይፈጃል። ልጅቷ ስድስተኛው ቀን ላይ አይኗን ገለጠች። በስልክ ነገሩኝ፣ ኮሪደር ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

እንግዲህ ሁለቱን አስተያያቸው። ሁለቱም እንቅልፍ ነው የያዛቸው፣ ሁለቱም በር ላይ የተሠራው ሥራ አንድ ነው፣ ክሎራይድ ማስገባት። ልጁ በራሱ ጋባ ጣሪያ ሥር ቆየ። እሷ ጣሪያ አልነበራትም፣ ያዳናት የእኛ እጅ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ምክንያቱም «ዳያዜፓም አይገድልም» ብለሽ ተመርቀሽ እንዳትወጪ። ጣሪያው የሚሠራው ዳያዜፓም ብቻውን፣ በአፍ፣ ጤነኛ ሳንባ ያለው አዋቂ ሲወስደው ነው። በደም ሥር በፍጥነት ከተሰጠ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ መንቀጥቀጥ አልቆም ብሎ ዳያዜፓም ተደጋግሞ ከዚያ ፌኖባርቢታል የተከተለበት ሕፃን አጠገብ አምቡ ባግ ሳይዙ መቆም አይገባም። ከአልኮል ወይም ከትራማዶል ጋር ከተወሰደ ደግሞ ጣሪያው ፈረሰ ማለት ነው፣ ሌሎቹ በራሳቸው መንገድ ያንኑ የትንፋሽ ማዕከል ይጫኑታል።

እኔ ከዚያ ወዲህ የምጠቀምበት ዘዴ ይሄ ነው። ዳያዜፓም ብቻ የዋጠ ሰው ከባድ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ትንፋሹና ግፊቱ ግን ደህና ይሆናል። ቤተሰብ «ዳያዜፓም ብቻ ነው» ብሎኝ ትንፋሹ 7 ከሆነ አላምንም። ስኳሩን አያለሁ፣ ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት እፈልጋለሁ፣ የአይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቦ እንደሆነ አያለሁ፣ እቤት ውስጥ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ አባት «ዳያዜፓም ብቻ ነው» ብለው ልጃቸውን አመጡ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ አፉን አሸተትኩ። አረቄ ነበር። ቱቦውን ያዘጋጀነው ያኔውኑ ነው።