በቃል ዋጋ ስትሰጪ፣ የየትኛው ቋንቋ ቃል?

«አንድ ድርጅት 12,000 ቃል ያለው የሥልጠና ማኑዋል ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድተረጉም ፕሮፎርማ ጠይቆኛል። በቃል ስንት ልበል? እርማቱና ሰንጠረዡስ ለብቻ ይከፈልበታል?»

እህቴ፣ ዋጋውን ከመወሰንሽ በፊት የሚቆጠረውን ቋንቋ ወስኚ።

1. ፕሮፎርማው ላይ «ክፍያው በእንግሊዝኛው ቃል ብዛት ነው» ብለሽ ጻፊ፤ 12,000 የሚለውንም አስገቢ። አማርኛ ሲሆን ቃሉ ይቀንሳል። እንግሊዝኛ መስተዋድዱንም ተውላጠ ስሙንም ለየብቻ ይጽፋል፤ እኛ ጋ «ከቤታቸው» አንድ ቃል ነው። እኔ በሠራኋቸው 12,000ው ወደ 8,400 ገደማ ይወርዳል። በቃል 3 ብር ብለሽ እንደሆን፣ በእንግሊዝኛው 36,000 ብር የነበረው በአማርኛው 25,200 ይሆንብሻል።

ይሄ እኔ ላይ ደርሷል። አስተባባሪዋ በእንግሊዝኛው እንደሚከፈል በስልክ ነግራኝ ነበር። ሥራውን ሳስረክብ የፋይናንሱ ሰውዬ አማርኛውን ወርድ ላይ ከፍቶ ከታች ያለውን የቃል ብዛት አሳየኝ። «የሠራኸው ይሄን ያህል ነው፤ የስልክ ወሬ አናወራርድም» አለኝ። ቁጭ በል እንኳ አላለኝም። የከፈሉኝም በዚያው ሒሳብ ነው።

2. እርማት አንድ ዙር ብቻ በነፃ ስጪ። አስተያየት ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ፋይል፣ ባስረከብሽ በ7 ቀን ውስጥ ይምጣ። እነዚያው ሰዎች ከሦስት ክፍል በየተራ ላኩብኝ። አንዱ «ሠልጣኝ» ይበል ሲል ሌላው «ተሳታፊ» አድርገው አለኝ፤ ሦስተኛው መልሶ «ሠልጣኝ» አለ። የራሴን ስህተት ሁሌም በነፃ አርማለሁ። የምርጫ ለውጥ ሁለተኛ ዙር ከመጣ ግን በሰዓት አስከፍላለሁ። እንግሊዝኛውን ከቀየሩ ደግሞ አዲስ ቃል ነው፣ ይቆጠራል። አሁን ይህን የማይፈርም ደንበኛ አልይዝም፤ ደግሞም ይፈርማሉ።

የሰንጠረዡን ክፍያ እንደ ማኑዋሉ ፋይል አይነት ለዪ። ወርድ ላይ ተሠርቶ ከመጣ በላዩ ላይ ትጽፊያለሽ፣ ያው በቃል ዋጋው ይሄዳል። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ከሆነ ግን ሰንጠረዡን ከዜሮ ልትሠሪው ነው። ምስል ውስጥ ያለ ጽሑፍን ወርድ አይቆጥረውም፤ ስለዚህ ያ 12,000 ራሱ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። ፋይሉን ሳታዪ ዋጋ አትስጪ። እኔ ለፎርማት ሥራ በገጽ ለብቻ አስከፍላለሁ፤ ፕሮፎርማውም ላይ ራሱን የቻለ መስመር አለው።

ቀኑን በተመለከተ፣ በቀን 2,000 ቃል ያዢ። 6 የሥራ ቀን ለትርጉም፣ 2 ቀን ደግሞ አንብበሽ ለማረም። መቁጠር የሚጀምረው የመጨረሻው ፋይልና ቀብዱ እጅሽ ሲገባ ነው፤ ይህንንም ጻፊው፤ ፋይሉን ዘግይተው ልከው የማስረከቢያ ቀኑን እዚያው ይተዉብሻል። በ4 ቀን ካሉሽ 30 በመቶ ጨምሪ።